ከጎን ያለው ዓምድ

ተርጓሚው ሚስቱ ከሞተች ወዲህ የሚሠራው ብቻውን ነው። ድሮ እሷ ዋናውን ጽሑፍ ጮክ ብላ ታነባለች፣ እሱ ትርጉሙን በጣቱ እየተከተለ ያመሳክራል። ከሳተ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ዓይንህ የት ሄደ?» ትለው ነበር። አሁን ወንበሯ ላይ መዝገበ ቃላት ተቆልሏል፤ መዝገበ ቃላት ደግሞ አይቆጣም።

ባለፈው አንዲት አሮጊት የድሮ ጋዜጣ ገጽ በስልክ አንስተው ላኩለት። በልጅነታቸው የጠፋው አናጢ አባታቸው ነገር አለበት። ቋንቋው የባዕድ፣ ቀለሙ የደበዘዘ፣ ዓምዶቹ ቀጫጭን፣ አጻጻፉም ዛሬ የቀረ ነው። «አናጢውን ጎርፍ ወሰደው፤ በሦስተኛው ቀን ከወንዙ ማዶ በሕይወት ተገኘ» ብሎ ተርጉሞ ሰደደላቸው።

ዛሬ ፎቶውን አጉልቶ፣ ቀለሙን አጥቁሮ ሲያየው፣ ዓምዶቹን የሚለይ ቀጭን መስመር ብቅ አለ። ክው አለ። ወደ ታች መውረድ ሲገባው ወደ ጎን ተሻግሯል! በሕይወት የተገኘው ጎን ባለው ማስታወቂያ ላይ ጠፍቶ የነበረ በቅሎ ነው። የአናጢው ወሬ ወደ ታች ሲቀጥል፣ «ሬሳውን ከድልድዩ ሥር አወጡት» ይላል።

እየፈራ ደወለ።

«እማማ፣ ተሳስቻለሁ። አባትዎ ያኔውኑ ሞተዋል። የተገኘው በቅሎ ነው።»

አሮጊቷ፣ «በሕይወት እያለ ነው ለካ ሳይመጣ የቀረው ብዬ፣ ፎቶውን ከግድግዳ አውርጄው ነበር» አሉ። «እሰይ! ትቶን አልሄደማ! ቆይ ልስቀለው፣ ስልኩን እንዳትዘጋው።»

አልዘጋውም። ከወዲያ አባታቸውን ይቅርታ ሲጠይቁ፣ ሲያዋሩ ይሰማል። እሱ የሚያዋራው ሰው ስለሌለ፣ እሳቸውን አዳመጠ።