ለአንድ ሰው የምትበቃ ማርቃ

ዳቦ ሁለት ነው የምገዛው፤ የምበላው ግን አንድ ነው። ጭሮ ከተማ ከተከራየኋት ቤት በታች ያለው ባለ ዳቦ ቤት ለስንት ሰው ነው ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። እኔው ነኝ ሳልጠየቅ «ሁለት» የምለው። እናቴ ካረፈችና ወደዚህ ሰፈር ከተዛወርኩ ጀምሮ እንዲሁ ነው። ሁለተኛው ዳቦ ይደርቅና ለአከራዬ ዶሮዎች ይሄዳል። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ከሰኞ እስከ ዓርብ መዝገብ ቤት ፋይል አወጣለሁ፣ ፋይል አስገባለሁ። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ማርኬቲንግ እማር ነበር። በዚህ ዕድሜሽ ምን ቸገረሽ ላሉኝ ሁሉ ለደረጃ ዕድገት ነው እላቸው ነበር። ውሸቴን ነው። ቅዳሜን ፈርቼ ነው።

የመጨረሻው ኮርስ አሳይመንት በቡድን የሚሠራ ነበር። አንድ አዲስ ምርት አስቡ፣ ከሐሳብ ማጣራት እስከ ገበያ ሙከራ በየደረጃው አሳልፉት፣ ከዚያ ይቀጥል ወይም ይቅር ብላችሁ ወስኑ ተባልን። ቡድኔ ውስጥ ሁለት ወንዶችና አንዲት ልጅ ነበሩ፤ ሦስቱም ብወልድ ልጆቼ የሚሆኑ ናቸው። እኔን ጸሐፊ አድርገው መረጡኝ። ሥራውን በሙሉ ለእኔ ጣሉልኝ ማለት ነው፣ አውቄአቸዋለሁ።

ሐሳብ ሰበሰብን። አንዱ የሚኤሶን የግመል ወተት በጠርሙስ አለ፣ ሌላው የገለምሶን ቡና ቆልቶ በትንሽ በትንሹ ማሸግ አለ። እኔ ያመጣሁት ተቆልቶ የተፈጨ የማሽላ ዱቄት ነበር፤ ቅመሙ የገባበት፣ ለአንድ ሰው ብቻ በምትበቃ ትንሽ ከረጢት የታሸገ። የፈላ ውሃ ላይ አድርጎ ማማሰል ነው፣ ገንፎ ይሆናል። እዚህ ማርቃ የሚሉት ማለት ነው።

ለማጣሪያው መስፈርት አወጣን፦ ጥሬ ዕቃው ይገኛል ወይ፣ አቅማችን ይችለዋል ወይ፣ ሳይበላሽ ይቆያል ወይ፣ ገዢ አለው ወይ። ለየመስፈርቱ ክብደት ሰጠን፤ ትልቁን ክብደት የያዘው ገዢው ነበር። ወተቱ በመበላሸት ወደቀ፣ ቡናው ደግሞ ብዙ ሰው ቀድሞ ስለያዘው። ለእኔ ዱቄት ገዢ በሚለው መስመር ላይ ከአምስት አምስት ሰጠሁት። ማንንም አልጠየቅኩም። ልጆቹ ለምሳ ቸኩለው ስለነበር ማንም አልተከራከረኝም።

ቀጥሎ ምርቱን ሳናሳይ በወረቀት ገልጸን ይገዙታል ወይ ብለን ሰው ጠየቅን። ሁሉም ማለት ይቻላል «በእርግጥ እገዛለሁ» አለ። መምህራችን ወረቀቱን አገላብጦ ሳቀ። የዚህ አገር ሰው ፊት ለፊት እንቢ ማለት ይከብደዋል፣ ስለዚህ ቁጥሩን በግማሽ ቀንሱት አለን። ቀነስነው፤ ለማንና በስንት እንደምንሸጥ ወስነን ወጪና ሽያጩን ስናሰላው አሁንም ያዋጣ ነበር።

ከዚያ ዱቄቱን መሥራት መጣ፤ የተሠራውም እኔ ቤት ነው። የመጀመሪያው ጓጎለ። ሁለተኛው መቆላቱ በዝቶ መረረ። ሦስተኛው ሆነልን። ጥቂት ከረጢቶች አስቀምጠን በየቅዳሜው አንዱን እየከፈትን እርጥበት ገብቶት እንደሆነ፣ ሽታው ተለውጦ እንደሆነ እናይ ነበር። ያቺ ኩሽናዬ አራት ሰው ይዛ አታውቅም። ልጅቱ ትቆላለች፣ አንዱ ይመዝናል፣ አንዱ ሥራ ፈትቶ ያፌዝብናል። አንድ ቀን ይሄው ፌዘኛ ዱቄቱ እጁ ላይ እንዳለ እንዲህ አለኝ።

«እትዬ፣ ይሄ ከተሸጠ በማኅበር ተደራጅተን እዚሁ እርስዎ ቤት እንጀምረዋለን። አምላክን!»

ሌሎቹም የምር መሆኑን ነገሩኝ። ከዚያች ቀን በኋላ ለማርኩ ግድ አልነበረኝም። የምፈልገው ዱቄቱ እንዲያልፍ ነበር፤ ካለፈ ቅዳሜዬ ባዶ አትሆንም።

ለገበያ ሙከራው ሚኤሶ፣ ሂርናና ገለምሶ አንዳንድ ሱቅ መረጥን። ከረጢቱም ዋጋውም አንድ ዓይነት፣ ጊዜውም እኩል አራት ሳምንት። ለየባለ ሱቁ ሰንጠረዥ ሰጠናቸው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የገዛ በአንዱ ዓምድ፣ ተመልሶ የገዛ በሌላው ከነቀኑ ምልክት ይደረግበታል። መጀመሪያ የገዛ ለመሞከር ነው፣ ቁም ነገሩ ተመላሹ ነው ብሎናል መምህራችን።

ሚኤሶ የከባድ መኪና ሾፌሮች ጥቂት ገዝተው ውሃ የት እናፍላ ብለው ተዉት። ገለምሶ በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉም አለቀ። እልል ልንል ስንል ባለ ሱቋ የልጅቱ አክስት ሆና ተገኘች፤ ለካ ለገባው ሁሉ «ለልጃችን ትምህርት ነው፣ ግዙ» እያለች ስትሸጥ ኖራለች! ተመልሶ የገዛ አንድም የለም።

የሂርናው ሰንጠረዥ ግን ሌላ ነበር። በተመላሽ ዓምድ ሰባት ምልክት። ልጆቹ ጨፈሩ። ሂርና አልፏል፣ በሂርና እንጀምራለን አሉ። እኔም ልቤ ዘለለ። ግን ምልክቶቹ ሁሉ ረቡዕና ቅዳሜ ላይ ናቸው፣ በየቀኑም አንድ አንድ። ዝም ብል ማንም አይጠይቀኝም ነበር። ሦስት ቀን ዝም አልኩ። በአራተኛው ሚኒባስ ተሳፍሬ ሂርና ሄድኩ፤ ምን አቅበጠበጠኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ባለ ሱቁ ሳያፍር ነገረኝ። ሰባቱም አንድ ሰው ናቸው፤ ከሱቁ ጀርባ የሚኖሩ ሽማግሌ። ማርቃ ከአንድ ገበታ ዙሪያውን ተከቦ የሚበላ ነው፣ ለአንድ ሰው የሚበቃ ገዝቶ መሄድ ሰው የለኝም ብሎ እንደማወጅ ነው አለኝ፤ ሌላው ሰው የተወው ለዚህ ነው። ታዲያ ሽማግሌውስ አልኩት። እሳቸው ሁልጊዜ ለእንግዳ ነው ይላሉ አለኝ። ምን እንግዳ አላቸው ስለው ማንም ሲመጣ አይቼ አላውቅም አለኝ።

ስመለስ ጻፍኩት፦ ተመላሽ ገዢ አንድ፤ ምርቱ ይቅር። ልጆቹ አኮረፉ፣ ግን ስማቸውን ከወረቀቱ ላይ አላስወጡም። ስናቀርብ መምህሩ ስህተቱ የትኛው ደረጃ ላይ እንደነበር ጠየቀኝ።

«ማጣሪያው ላይ ነው» አልኩት። «ገዢ አለው ብዬ አምስት የሰጠሁት እኔ ነኝ። ብቻውን የሚበላ ሰው ብዙ መስሎኝ ነበር።»

ጥሩ ማርክ ሰጠን። ልጆቹ እናመሰግናለን እትዬ ብለው ስመውኝ ሄዱ፤ ሁለቱ አዲስ አበባ ናቸው፣ ልጅቱ አልፎ አልፎ ትደውላለች። ኩሽናው ውስጥ የቀሩት ከረጢቶች ብቻ ነበሩ።

አንድ ቅዳሜ የተረፉትን በፌስታል ይዤ ሂርና ወረድኩ። ሽማግሌው በራቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ዱቄቱን የምሠራው እኔ ነኝ፣ ሥራው ስለቆመ የተረፈውን አምጥቼልዎ ነው አልኳቸው። አመሰገኑኝ፣ ዱአ አደረጉልኝ። እንግዳዬ ይወደዋል አሉኝ። ቤታቸውን ያሳዩኝ ዘንድ አልጠየቅኳቸውም፤ በሩ ክፍት ስለነበር ግን አንዲት ሳህንና አንዲት ማንኪያ ብቻ አይቻለሁ።

ልነሳ ስል እጄን ያዙኝ።

«አንቺስ ልጄ፣ ቤት ውስጥ ስንት ናችሁ?»

እሳቸውን ማን ይዋሻል? ሰው ሊዋሽበት የማይገባ ቦታ ቢኖር ያቺ ደጃፍ ነበረች። እውነቱ አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«ሁለት ነን» አልኩ።

ትንሽ አዩኝና «አልሐምዱሊላህ» አሉ፣ እጄንም ቶሎ አልለቀቁትም።