የካውያ ቀጥ ያለ መስመር

ካውያ የሚሉት በሽሙጥ ነው። ካውያ ጨርቅ ያቃናል፤ እሱ ግን አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጨርቅ ሲጨማድድ የኖረ ሰው ነው። የማተሚያ ቤቱ የሞካፕ ሠራተኛ ነው፤ ደንበኛው ዓርማውን በተለጣፊ፣ በኩባያና በቲሸርት ላይ ከማሳተሙ በፊት፣ ታትሞ ሲያልቅ ምን እንደሚመስል በኮምፒውተር ሠርቶ ያሳያል። ቀላል ይመስላል እንዴ? ዓርማ እንደወረደ ኩባያ ላይ የሚለጥፍ ሰው ሲያይ ደሙ ይፈላል።

«ኩባያ ክብ ነው እኮ ወንድሜ!» ይላል። «ዓርማው ወደ ዳርና ዳር ሲዞር ይጠባል። ከላይ ዘንበል ብለህ ስታየው ደግሞ የሥሩ ጽሑፍ የኩባያውን ጉብጠት ይከተላል። ቲሸርት ላይም ጨርቁ በታጠፈበት መስመሩ አብሮ ይሰበራል፣ የእጥፋቱ ጥላም በቀለሙ ላይ ይወድቃል። ያለዚያ አልታተመም፣ አየር ላይ ተንሳፍፏል ማለት ነው!»

ከዓርማው በፊት ሁሌም አንድ ነገር ያደርጋል። እንደ ሒሳብ ደብተር ገጽ በትናንሽ ካሬዎች የተከፋፈለ መረብ ዕቃው ላይ ያለብሳል። ካሬዎቹ እንደ ዕቃው ከጎበጡ፣ ዓርማውም ይጎብጣል ማለት ነው። በዚህች መረብ ተሳስቶ አያውቅም።

አንድ ቀን ለሳሙና ፋብሪካ የሠራውን ልኮ ገና ወገቡን ሳያሳርፍ፣ የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ስልክ በእጃቸው ይዘው መጡ።

«ካውያ፣ ኩባያው ተጨፍልቋል ይላሉ። ተለጣፊውስ ምን ነካው? ጠፍጣፋ ወረቀት ነው እኮ፣ እንደ ማዕበል አደረግከው!»

«ማን? እኔ? ሰዎቹ ዓይናቸውን ይመርመሩ እትዬ» አለ፣ ቆሽቱ እያረረ። ቢሆንም እንደገና ሠራው። እሳቸው አይተው ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፍተውለት ወጡ።

አታሚው የልብ ጓደኛው ነው፤ ታች ከማሽኑ ጋር ሲታገል ይውላል። ጉዳዩን ሰምቶ የብረት ማስመሪያውን እንደያዘ ወጣ፤ ስክሪኑ ላይ፣ በተለጣፊው ጽሑፍ ሥር ደገፍ አደረገው።

«በል እየው። ጽሑፉ ከማስመሪያው ሸሽቷል።»

ካውያ አየ። ማስመሪያውም ጎብጧል።

አንድ ዓይኑን ሸፈነ፣ ከዚያም ሌላውን። የበሩ ጠርዝ መሀሉ ላይ ወደ ውስጥ ገባ፣ ተመልሶ ወጣ። ካውያ ለካ ያልጠመመውን ሁሉ ሲያቃና ነው የከረመው!

የዓይን ሐኪሟ ከመሀሏ ነጥብ ያለባት አንዲት ወረቀት ዘረጋችለት። መረብ ናት፤ የገዛ መረቡ።

«ነጥቧን እያዩ ይንገሩኝ፣ ምን ይታይዎታል?»

«ይሄ የለበሰው ኩባያ ላይ ነው፣ ወይስ ጨርቅ ላይ?»

«ጠረጴዛ ላይ ነው አባቴ። ጠፍጣፋ ወረቀት ነው።»

በዓይኑ ውስጥ ከኋላ በኩል፣ ምስል የሚያርፍበት ስስ ሽፋን ተጨማድዷል አለችው። ቀኙ ብሷል፣ ግራውም ጀምሯል። ቀዶ ሕክምና እንዳይብስ ይረዳ ይሆናል፤ እንደ ድሮው ይቃናል ብላ ግን ቃል አትገባም። እንድታብራራለት አልጠየቃትም። በተጨማደደ ጨርቅ ላይ ያረፈ ምስል ምን እንደሚሆን ከእሱ በላይ የሚያውቅ ማን አለ!

ወደ ቤት ሲሄድ ግን አንድ ተስፋ ብልጭ አለለት። ጭምድዱን ካወቁት ይገለበጣል፤ ይሄ የዕለት እንጀራው ነው። በማግስቱ ጠዋት ኮምፒውተሩ ላይ፣ በኩባያው ምስል ፊት፣ እንደ ሐኪሟ ወረቀት ባለ ነጥብ መረብ ዘረጋ፤ ግራ ዓይኑን ሸፈነ፣ ነጥቧ ላይ አፍጥጦ መረቡን እንደሚታየው ቀረጸ። ከዚያ ወደ ላይ ያበጠውን ወደ ታች፣ የገባውን ወደ ውጭ ሳበ። መስመሮቹ አንድ በአንድ ቀጥ አሉለት!

«አገኘሁት! ና ቶሎ፣ ና እይ!» ብሎ አታሚውን ተጣራ። ደስ አለው፣ እንደ ልጅ ደስ አለው።

አታሚው እስኪደርስ ዓይኑን ከነጥቧ አንስቶ ኩባያው ሥር ወዳለው ጽሑፍ አዞረ። ጠመመ። ወደ ኩባያው አፍ አዞረ። እሱም ጠመመ። ጭምድዱ ዓይኑ በሄደበት ሁሉ ይሄዳል፤ የቲሸርት እጥፋት እንኳ ባለበት ይቆያል።

አታሚው ከኋላው ቆሞ ነበር። ካውያ በአስራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ማንንም ጠይቆ የማያውቀውን ጠየቀ።

«ቀጥ ብሏል?»

አታሚው ስክሪኑን አየ፣ ከዚያ የካውያን ፊት አየ።

«ብሏል» አለ አታሚው።

ካውያ ወንበሩን ለቅቆ ተነሳ። «አትዋሸኝ። ና ተቀመጥ። የት የት መጉበጥ እንዳለበት እኔ እነግርሃለሁ፣ አንተ ታየዋለህ።»

አታሚው ቀለም የጠጡ ጣቶቹን ሱሪው ላይ ጠረገና ተቀመጠ። ማውሱን እንዴት እንደሚይዘው አላወቀም።