የጠፋችው የሩት ምልክት

ወረቀቷ አንድ ገጽ ብቻ ነበረች፤ አምስት የናሙና ቀመሮች፣ በእያንዳንዱ ቀመር ሥር አንድ አጭር ምሳሌ። የማታው የስታቲስቲክስ ፈተና ሰኞ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ስለነበር፣ ከመሥሪያ ቤታችን አብረን ለምንማር ለስድስታችን ያዘጋጀኋት እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም። ትምህርት የጀመርኩት ሌሎች በሚጨርሱበት ዕድሜ ነውና፣ የተዝረከረከ ደብተር ሳይ እጄን ይበላኛል።

በዚያን ጊዜ ወረቀት ማባዛት እንዲሁ በቀላሉ የሚሆን ነገር አልነበረም። ማባዣው የሚቀመጠው በተቆለፈ ክፍል ነው። ኃላፊው ይፈርማል፣ ስንት ቅጂ እንደወጣ ይመዘገባል፣ ስቴንስሉም፣ ሰም የተቀባው የማባዣ ወረቀት፣ እዚያው ይቀራል። ጽሑፉን በታይፕ መታሁት። የስኩዌር ሩት፣ የካሬ ሥር፣ ምልክት ግን ታይፑ ላይ የለም፤ በሾለ ብረት በእጅ መጫር አለበት። ሰም የተቀባው ወረቀት ደግሞ ትንሽ ከጫኑት ይቀደዳል፣ ከተቀደደ ሁለተኛ አይሰጡም። እጄን አቅልዬ ጫርኩ። ስድስት ቅጂ ወጣልኝ። ቅዳሜ ከሥራ ስንወጣ፣ ቀለሙ ገና ሳይደርቅ፣ አደልኳቸው።

ከስድስታችን አንዷ ቀራንዮ ነበር የምትኖረው። በዕድሜ ጥቂት ስለምትበልጠኝ እትዬ እላታለሁ። የሦስት ልጆች እናት ናት። ይህንን ትምህርት አንድ ጊዜ ወድቃበታለች፤ ሁለተኛ ከወደቀች ከትምህርቱ ትሰናበታለች። ያኔ መሥሪያ ቤቱ ከመጠይቅ መርማሪነት ወደ ቀድሞው ተላላኪነቷ እንደሚመልሳት ተነግሯታል። የእሷ አጠናን በቃል ነው። ምክንያቱን ላስረዳት ስሞክር፣ «አንቺ ምሳሌውን ስጪኝ፣ ምክንያቱን ለራስሽ ያዢው» ትለኝ ነበር። አምስቱን ምሳሌዎች የሠራሁት በእርግጥ እሷን እያሰብኩ ነው።

እሑድ ጠዋት ኮልፌ የቀበሌ ስብሰባ ነበረ። ስም ይጠራል፤ የቀረ ሰው ስኳር ሲታደል ይታወስበታል። ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ወረቀቷን ደብተሬ ውስጥ ከፍቼ፣ ተናጋሪው ሲናገር እኔ ቀመር እከልስ ነበር። አራተኛው ላይ ስደርስ አንድ ነገር ጎደለኝ።

አራተኛው ምሳሌ የሚለው እንዲህ ነው። ከመቶ አርባ አራት ቤተሰብ ሠላሳ ስድስቱ ተመርጠዋል፣ የመልሳቸው ስርጭት አሥራ ሁለት ነው። የአማካዩ ስሕተት ስንት ነው? አሥራ ሁለትን ለሠላሳ ስድስት ሩት፣ ማለት ለስድስት ማካፈል፤ ሁለት። የመረጥነው ከጠቅላላው አንድ አራተኛውን ስለሆነ፣ ሁለትን በቀሪው፣ በዜሮ ነጥብ ሰባ አምስት፣ ሩት ማባዛት፤ አንድ ነጥብ ሰባ ሦስት። ሁለት የሩት ምልክቶች ነበሩት። የመጀመሪያዋ አጭር ስለሆነች ወጥታለች። ሁለተኛዋ፣ ያቺ ረጅም ጣራ ያላት፣ ወረቀቱ ላይ የለችም። ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘንብዬ አየሁ። የለችም። በሌሎቹም አምስት ቅጂዎች ላይ እንደማትኖር ያን ጊዜውኑ አወቅኩ።

አራቱን ሰኞ ጠዋት ቢሮ አገኛቸዋለሁ። እትዬ ግን ለማጥናት ብላ የሰኞን ቀን ፈቃድ ወስዳለች። ይህን ጊዜ ያለ ሩት እየሸመደደችው ነው።

ቀራንዮ ልሄድ ብዬ ተነሥቼ ወደ በሩ አመራሁ። ጠመንጃውን ያነገበው የአብዮት ጥበቃ ወረቀቷን ከእጄ ተቀብሎ አገላበጣት። ፈረንጅኛ ፊደልና ቁጥር ነው የሞላባት፤ ቅንድቡ ተሰበሰበ። የፈተና ቀመር መሆኑን ነገርኩት። የምን ቀመር እንደሆነ ጠየቀኝ። ጥቂት ሰው ጠይቆ ስለ ሁሉም ለማወቅ የሚረዳ ነው አልኩት።

«እዚህ ሁሉም ነው የሚጠየቀው» አለኝ። «ተመለሺና ተቀመጪ።»

ወረቀቷን መለሰልኝ፤ ሄጄ ተቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ የተባለውን አንዱንም አልሰማሁ። እግሬ ብቻ ወለሉን ይመታ ነበር፤ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ጉልበቴን ያዝ አድርገው ብርድ ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። ስድስት ሰዓት አልፎ ሲለቁን አውቶቡስ ልጠብቅ ፌርማታ ቆምኩ። የእሑድ አውቶቡስ ነውና አልመጣም። መቆም አልቻልኩም፣ ወደ ቀራንዮ በእግሬ ነካሁት። የጥር አቧራ እስከ ቀሚሴ ጫፍ ደረሰ። መንገዱን ሙሉ ራሴን እየወቀስኩ ነበር፤ ስድስት ቅጂ አንድ በአንድ ለማየት አምስት ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

እትዬ ግቢዋ ውስጥ ዱካ ላይ ተቀምጣ ወረቀቷን ጭኗ ላይ ዘርግታለች። ገና ሳልቀመጥ ሦስተኛውን ምሳሌ በቃሏ ወረደችው፤ ከአራት መቶ ቤት ሃምሳ ለመምረጥ አራት መቶን ለሃምሳ፣ ስምንት፤ ከአንድ እስከ ስምንት ባለው ዕጣ ሦስት ቢወጣ፣ ሦስተኛው ቤት፣ አሥራ አንደኛው፣ አሥራ ዘጠነኛው፣ እንዲህ እያለ በየስምንቱ። ቀጥሎ ሳቅ አለች።

«ዛሬ ያዝኩሽ። አንቺም ትሳሳቻለሽ ለካ።»

አራተኛውን አሳየችኝ። አንድ ነጥብ ሰባ ሦስት የሚለውን በእስክሪብቶ ሰርዛ፣ ጎኑ ላይ አንድ ነጥብ ሃምሳ ጽፋለች። ሁለትን በዜሮ ነጥብ ሰባ አምስት ሦስት ጊዜ እንዳባዛችውና ሦስቱም ጊዜ አንድ ነጥብ ሃምሳ እንደመጣላት ነገረችኝ። ፊቷ በርቷል። ከማውቃት ጀምሮ የእኔን ቁጥር ራሷ ስትመረምር ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነው፤ የመረመረችው ደግሞ እኔ ያበላሸሁትን ነው።

ዝም ብዬ ብሄድስ የሚል ሐሳብ አልመጣብኝም፤ እንዴት ብዬ ልጀምር የሚለው ነው የያዘኝ። በመጨረሻ ማባዛቷ ልክ እንደሆነ፣ መልሱ ግን የእኔው እንደሆነ፣ የጠፋው ሩቱ እንደሆነ ነገርኳት። ፈገግታዋ ቀስ ብሎ ወረደ።

«ዛሬ ነው የምትነግሪኝ? ስንት ጊዜ ሸመደድኩት መሰለሽ?»

«ይቅርታ እትዬ። ሳላየው ነው ያደልኩት።»

«ሩት እንዳለው በምን አውቃለሁ? ነገ ደግሞ የለውም ብትዪኝስ?»

በቃል የምታጠና ሰው ይህን ስትጠይቀኝ ሰምቼ አላውቅም። እስክሪብቶውን ሰጠኋት። የአማካዩን ስሕተት ትተሽ መጀመሪያ በካሬው ሥሪው አልኳት፤ ሁለት በሁለት አራት። አራትን በዜሮ ነጥብ ሰባ አምስት፣ ሦስት። ቅናሹ፣ ዜሮ ነጥብ ሰባ አምስቱ፣ የሚገባው እዚያ፣ ካሬው ላይ ነው፤ ከካሬ ወደ ራሱ ለመመለስ ደግሞ ሩት ያስፈልጋል። ወረቀቱ ጠርዝ ላይ አንድ ነጥብ ሰባ ሦስትን በራሱ አባዛች። ሁለት ነጥብ ዘጠኝ ዘጠኝ። እንደገና አባዛች። ከዚያ ሃምሳውን ሰርዛ፣ ሰባ ሦስቱን ጽፋ፣ የሩቷን ምልክት ከላይ በወፍራሙ ሣለቻት፤ ጣራዋ ቀመሩን አልፎ እስከ ኅዳጉ ሄደ።

«አሁን ትታይሻለች?» አለችኝ።

ሰኞ ጠዋት ለአራቱ ሩቷን በእጄ ጨመርኩላቸው። ማታ ፈተናው ላይ ከአምስት መቶ ቤተሰብ መቶው ተመርጦ፣ ስርጭቱ ሃያ ሆኖ፣ የአማካዩ ስሕተት ተጠየቀ። የራሴን ሠርቼ ስጨርስ ዓይኔ ከእትዬ ጀርባ አልነቀል አለ። ስትጽፍ፣ ስትሰርዝ፣ እንደገና ስትጽፍ ነው የማየው። ፈታኙ ሁለት ጊዜ ወደ ወረቀትሽ አለኝ።

ከእኔ በኋላ ወጥታ ፌርማታው ላይ ደረሰችብኝ። ሰላም እንኳ አላለችኝም።

«አንድ ነጥብ ሰባ ዘጠኝ» አለችኝ።

«አንድ ነጥብ ሰባ ዘጠኝ» አልኳት።

«መጀመሪያ አንድ ነጥብ ስድሳ ብዬ ነበር። በካሬው ስሞክረው አልገጥም አለኝ።»

ውጤቱ ሲለጠፍ በ«ሲ» አልፋለች፤ ተላላኪነቱም ቀረ። ከዚያ በኋላ ግን የሥራው ቀርቶ ለግብዣ የሚሆን የስም ዝርዝር እንኳ ስሰጣት፣ ወደ መስኮቱ አዘንብላ ሳታይ አልተቀበለችኝም።