የአለቃው ፆምና የእሷ ክኒን

ሃያ ዓመት የተማሪ ዩኒፎርም የሰፋች፣ ስኳር ያለባት ሴት ናት። ወጣቱ አለቃዋ በቀን አሥራ ስድስት ሰዓት እየጾመ፣ በቀሩት ስምንት ሰዓቶች ብቻ እየበላ ቦርጩን ካጠፋ ወዲህ የሁሉም ሐኪም ሆኖ ነበር። «እትዬ፣ ቁርስ ይተዉ፤ ስኳሩ ራሱ ይጠፋል» አላት። አመነችው።

በሦስተኛው ቀን የስኳር ክኒኗን እንደ ልማዷ ጠዋት ዋጠችና ምንም ሳትቀምስ ስፌቷ ላይ ተቀመጠች። ረፋዱ ላይ ላብ አጠመቃት፤ እጇ ተንቀጥቅጦ መርፌው ጣቷን ወጋት። ቁልፍ የምትተክለው ጓደኛዋ ፈጥና ስኳር በጥብጣ አጠጣቻትና ክሊኒክ ወሰደቻት።

ነርሷ ነገሩን ስትሰማ ደሟ ፈላ። «እንዲህ ያለው ጾም ውፍረት ላለበት፣ መድኃኒት ለማይወስድ ሰው ሊጠቅም ይችላል፤ የሚያከሳውም የሚበላው ስለሚያንስ ነው እንጂ ተአምር የለውም። ይሄ ክኒን ግን ካልበሉበት ስኳርዎን ከልክ በታች ያወርደዋል! ኢንሱሊን የሚወጋ፣ ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ፣ ከሲታ ሰው ያለ ሐኪም ምክር እንዴት ይሞክረዋል?»

በማግስቱ አለቃው «ትንሽ ቢታገሡ ኖሮ ይለምዱት ነበር» አላት።

መቀሷን አስቀመጠች። «ልጄ፣ በሰው ነፍስ ሙከራ አይሠራም! ሱሪ እንኳ ሳይለካ አይቆረጥም።»

ከዚያም ዳቦዋን አውጥታ፣ እሱ ቆሞ እያየ፣ ሳትቸኩል በላች።