እያወቀች ነው የገባችው

ሰው ሲያጠፋ «ለምን አደረግከው?» ከማለት ይልቅ «እንዴት ሊሆን ቻለ?» ማለት ይቀናኛል። ይህ ጠባዬ ባለቤቴን ያናድዳታል። ብርጭቆ ሲሰበር ስባሪውን ከማንሳቴ በፊት ከየት ተነሥቶ የት እንዳረፈ መመርመር እጀምራለሁ። እንጅባራ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ እያስተማርኩ የተማሪዎች አማካሪም በነበርኩበት ጊዜ ግን ይኸው ጠባዬ አንዲትን ልጅ ከትምህርት ቤት ሊያስባርራት ነበር።

ልጅቷ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበረች፣ የአሥራ ስድስት ዓመት። ክፍሉን ይዘን በጥርባ በኩል ዘንገና ሐይቅን ልናሳይ ሄድን። ውሃ ውስጥ መግባት ክልክል መሆኑን አውቶቡሱ ላይ ሁለቴ ተናግረናል። ከሰዓት በኋላ እኛ መምህራን ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠን ስንጫወት ጩኸት ሰማን። ጓደኞቿ «እስከዚያ ተንሳፋፊ እንጨት ድረስ አትደርሺም» ብለዋት ዘላ ገብታለች። ወንዝ ውስጥ ዋና ስለተማረች እንጨቱ ጋ ደረሰች። ስትመለስ ግን ብርዱ እግሯን ያዘውና መስመጥ ጀመረች። እንጨት ሊጭኑ የመጡ ሁለት ገበሬዎች ገመድ ወርውረው አወጧት። እግዚአብሔር ይስጣቸው።

ብሔራዊ ፈተናው ሁለት ወር ቀርቶት ነበር። የሥነ ሥርዓት ኮሚቴው ካባረራት አትፈተንም፣ ካልተፈተነች ደግሞ ዓመቱ አለቀ።

ከስብሰባው በፊት ቢሮዬ ጠራኋት። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት የማማከር ሥልጠና ወስጄ ስለነበር አንድ ነገር ሲበላኝ ከርሟል። በጉርምስና ወቅት አንጎል ውስጥ ሁሉም ነገር እኩል አያድግም። ሊምቢክ የሚባለው፣ ስሜትንና የደስታን ጥማት የሚያንቀሳቅሰው የውስጠኛው ክፍል፣ ከጉርምስና ጋር ቶሎ ይቀሰቀሳል። ከግንባር ጀርባ ያለው፣ የሚያመዛዝነውና «ቆይ» የሚለው ፕሪፍሮንታል ግን ቀስ እያለ እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ድረስ መብሰሉን ይቀጥላል። በሁለቱ መካከል ያለው ግንኙነትም ገና እየጠነከረ ነው። ከሁሉ የገረመኝ ግን የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ በእርጋታ ሲጠይቁት አደጋን ከአዋቂ ባልተናነሰ መመዘን መቻሉ ነው። እውነት ይሆን? በዓይኔ ማየት ፈለግሁ።

ወረቀት ሰጠኋትና «ዘንገና ውስጥ መግባት ምን አደጋ አለው? የምታውቂውን ሁሉ ጻፊ። ለማንም አላሳየውም፣ ለእኔ ነው» አልኳት።

ብዕሩን ትንሽ ነክሳ ሰባት መስመር ጻፈች። ውሃው ይቀዘቅዛል። ዳሩ ወዲያው ስለሚጠልቅ እግር አይደርስም። ድንጋዩ ያንሸራትታል። ጓደኞቼ ዋና አይችሉም። እኔን ሊያድን የገባ ሰውም ሊሰምጥ ይችላል። ፈተናዬ ሊያመልጠኝ ይችላል። ሰባተኛው መስመር ላይ አንድ ቃል ብቻ ነበር፦ «አባቴ»።

ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። መጽሐፉ የሚለውን በእጄ ይዣለሁ! እንዲህ አጥርታ የምታውቅ ልጅ እንዴት ገባች? መልሱ እውቀት ማጣት አለመሆኑን ኮሚቴው እንዲያይልኝ ቸኮልኩ።

ስብሰባው ምክትል ርዕሰ መምህራችን ቢሮ ነበር። እሳቸውና ሌሎች ሦስት መምህራን በአንድ ወገን፣ ልጅቷና አባቷ ትይዩ ተቀመጡ። አባቷ በአካባቢው ፈረሰኞች ዘንድ የታወቁ ገበሬ ናቸው፤ ጅራፋቸውን በር ላይ ትተው ነው የገቡት። ባልደረቦቼ ተራ በተራ «ይህች ልጅ ምን ነካት?» ሲሉ አንድ የሚያውቅ ሰው እንዳለ ላሳያቸው ከኪሴ ወረቀቱን አወጣሁ።

ምክትል ርዕሰ መምህሩ ከእጄ ተቀብለው ጮክ ብለው አነበቡት። «አባቴ» የሚለው ላይ ሲደርሱ አባትየው አንገታቸውን ደፉ። ልጅቷ ግን እኔን ነበር የምታየው።

«ታዲያ ይህን ሁሉ እያወቀች ነው የገባችው!» አሉ ምክትሉ። «እኔስ ሳታውቅ መስሎኝ ሳዝንላት ነበር። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ?»

ልጅቷን ሊያድናት የሚችለውን ነገር ራሴ መክሰሻ አድርጌ ሰጠኋቸው። ልመልሰው ብዬ ስለ ሊምቢክና ስለ ፕሪፍሮንታል መተንተን ጀመርኩ። በተናገርኩ ቁጥር ባሰብኝ።

«እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ካልበሰለ» አሉ አንዱ መምህር እየሳቁ፣ «እስከዚያ እጅና እግሯን አስረን እናስቀምጣት?»

«አይደለም፣» አልኩ። «ማመዛዘን አላት፤ ወረቀቱ ያሳያል። ደግሞ ከልጅ ልጅ ይለያያል። የእሷን አንጎል ከፍቼ አላየሁም።»

ይህን ጊዜ አባትየው ቀና አሉ።

«መምህር፣ ልጠይቅዎት። ስትገባ ማን ነበር አጠገቧ?»

«ጓደኞቿ።»

«ትልቅ ሰውስ?»

«እኛ መምህራን ጥላ ሥር ነበርን፣» አልኩ።

«እኔ የማውቀው ፈረስ ነው፣» አሉ። «ይህችን ልጅ ብቻዋን ፈረስ ሰጥቼ ዳንግላ ድረስ ብልካት ከሶምሶማ አታልፍም። ከእኩዮቿ ጋር ስትወጣ ግን ልጓም መኖሩንም ትረሳለች። ወንድሞቿም እንዲሁ ነበሩ። ታዲያ ፈረስ አልከለከልኳቸውም። ከመሃላቸው አንድ ምራቁን የዋጠ ሰው አስገብቼ ነው የማስጋልባቸው።»

ያን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ዘንገና እንደደረስን፣ ሌሎቹ ገና ከአውቶቡስ ሲወርዱ፣ ይህች ልጅ ብቻዋን ወደ ዳር ወርዳ እጇን ውሃው ውስጥ ነክራ ስትመለስ አይቻታለሁ። «ይበርዳል» ብላኝ አልፋ ነበር። ይህንን ነገርኳቸው። ያቺው ልጅ፣ ያው ውሃ፣ ያው ቀን። ጠዋትም ከሰዓትም የምታውቀው አንድ ነው። የተለወጠው አጠገቧ የቆመው ሰው ነው። እኩያ ሲያይ ያ የደስታ ጥማት ይግላል፣ ያን ጊዜ ገና ያልጠነከረው «ቆይ» ይሸነፋል። ማወቅና መቆም መቻል የተለያዩ ነገሮች ናቸው አልኳቸው።

ምክትል ርዕሰ መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። «እኛም ከመሃላቸው አልነበርንም» አሉ በመጨረሻ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት፣ እስከ ፈተናው ቤተ መጻሕፍት እንድታገለግል ተፈረደባት፣ ለወደፊቱ ጉብኝት ደግሞ ለየቡድኑ አንድ መምህር ከልጆቹ ጋር እንዲውል ተወሰነ። አልተባረረችም። እኔ ከእሷ እኩል ተነፈስኩ።

ደጅ አባቷ ጅራፋቸውን ሲያነሱ እሷ ወደ እኔ መጣች።

«ወረቀቴን ይስጡኝ፣ መምህር።»

ከምክትሉ ተቀብዬ ኪሴ የመለስኩትን ወረቀት ሰጠኋት። ሰባተኛውን መስመር በጥንቃቄ ቀድዳ ኪሷ ከተተችና የቀረውን መለሰችልኝ።

«ለማስተማሪያ ከፈለጉት ይኸው። ግን ለማንም አላሳየውም ብለውኝ ነበር።»

«አዎ፣ ብዬሻለሁ።»

«ያሉኝ ቢሮዎ ውስጥ ብቻችንን ሳለን ነው» አለች። ቁጣ አልነበረባትም፤ ልክ እንደ እኔ፣ እንዴት ሊሆን እንደቻለ የገረማት ትመስል ነበር። «ጓደኞችዎ ሲያዩዎት ግን አወጡት።»

ይቅርታ ጠየቅኋት። ተቀብላኝ አባቷን ተከትላ ሄደች። ፈተናውንም ከክፍል ጓደኞቿ ጋር ወሰደች።

እኔ ግን ስድስት መስመር የቀረውን ወረቀት ይዤ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ያን ጊዜ ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነበር።