ሦስተኛው ጥያቄ

የላቦራቶሪ አስተማሪያችን እሾህ ላይ የተቀመጠች ይመስል አንድ ቦታ አትረጋም፤ በሌለችበት «ጥድፊያ» እንላታለን። በፈተናው ቀን ቀይ ውሃ የሞላ የደም ከረጢት ፊታችን ሰቀለች። ውሃው በቱቦው ጠብ ጠብ እያለ ሳፋ ውስጥ ይወርዳል።

ሦስተኛው ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ «ፊታችሁ የተሰቀለው የA ደም ነው እንበል። የሚወስደው ታካሚ የደም ዓይነቱ O ነው። አሁን እየተንቀጠቀጠ ወገቤን ይላል። መጀመሪያ ምን ታደርጋላችሁ?»

እኔ ጎበዙ ገጹን ሞላሁት። የO ሰው ሰውነት የAን ቀይ የደም ሕዋሳት እንደሚያፈርስ፣ ደሙ ቆሞ ሐኪም እንደሚጠራ፣ ከረጢቱና አዲስ ናሙና ወደ ላቦራቶሪ እንደሚላኩ ጻፍኩ።

እዚያው አርማ ዜሮ ሰጠችኝ።

ወረቀቴን ይዤ በንዴት ሄድኩባት። «ቲቸር፣ የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?»

«የትም። ሁሉም ልክ ነው» አለችና ሳፋውን በእግሯ ገፋ አደረገችልኝ። እስከ አፉ ሞልቷል። «ግን ተነስቶ ቱቦውን የዘጋ አንድም ሰው የለም።»

ቀና ብዬ ቱቦውን አየሁት።

«እኔም ጀማሪ ሳለሁ እንዳንተ ሁሉንም አውቅ ነበር» አለች፣ አንድ ቦታ መርጋት አቅቷት። «የታካሚዬን ቱቦ ሳልዘጋ ነው ሐኪም ልጠራ የሮጥኩት።»