ስምንቱ ኪሎ ውሃ

ሚስቴን ቀብሬ ወደ አምቦው ትምህርት ቤት ስመለስ፣ ለሐዘን ብዬ ጢሜን አልተላጨሁም ነበር። ሒሳብ የሚያስተምር ፍየል መስዬ ሰሌዳው ፊት ቆምኩ።

በርሜል ሣልኩ። ውስጡ ስምንት ኪሎ ውሃና ሁለት ኪሎ አልኮል አለ። ንጹሕ አልኮል x ኪሎ ስንጨምር የአልኮሉ ድርሻ (2+x)/(10+x) ይሆናል። አሥር ኪሎ ስንጨምር ከመቶ ስልሳ፣ ዘጠና ስንጨምር ዘጠና ሁለት።

«እየጨመርን ስንሄድ የአልኮሉ ድርሻ አንድ ይሆናል፤ ውሃው ይጠፋል» አልኩ፣ «ቀን ያስረሳሃል» እንዳሉኝ ለቀስተኞች በሙሉ ልብ።

ፊት ወንበር ላይ የተቀመጠች ተማሪ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ውሃውን ማን ቀዳው?»

ክፍሉ ሳቀ። እኔ ሰሌዳውን አየሁ።

«ማንም አልቀዳውም» አልኩ። «ወደ አንድ ይጠጋል እንጂ አይደርስም። የውሃው ድርሻ ያንሳል፤ ስምንቱ ኪሎ ግን እዚያው ነው።»

«ታዲያ ለምን ይጠፋል አሉን?»

«ቢጠፋ ደስ ስለሚለኝ ነው፣ ልጄ።»

አሁን ማንም አልሳቀም።

በአርባዋ ማግስት ጢሜን ተላጨሁ። ጎረቤቴ አጥር ላይ ተደግፎ አየኝና «እሰይ፣ ሐዘኑ ወጣልህ» አለኝ።

«ድርሻው ነው የቀነሰው» አልኩት። ስለ ጢሜ የማወራ መሰለውና አገጬን ያይ ጀመር።